ግትርነት በቁሱ ስም ብቻ አይለካም፦ ስለ ኢምፕላንትና ስለ አጥንት መሳሳት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ቲታኒየም የተመረጠው እንደ አጥንት ስለሚለጠጥ ነው፤ ስለዚህ ቲታኒየም የገባለት ሰው አጥንቱ አይሳሳም። ከዚህም የሚሻለው ከአጥንት የለሰለሰ ፕላስቲክ ነው፤ የዳሌ ኢምፕላንት ሙሉ በሙሉ በፒክ ቢሠራ ችግሩ ከሥሩ ይፈታል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ አጥንቱ ሳስቶ በኤክስሬይ ከታየ ብረቱ ተላቋል ማለት ነው። አይዝጌ ብረት የገባለት ሰውም ቶሎ ቢያስወጣው ይሻለዋል።»

እነዚህ አራት ነጥቦች በቅርቡ ስለ ኢምፕላንት ከቀረበ አንድ ጽሑፍ በጸሐፊው ቃል የተወሰዱ ናቸው። በእያንዳንዳቸው ውስጥ የእውነት ቁንጽል አለ፤ አንባቢን የሚያሳስተውም ይኸው ቁንጽል ነው። ምላሼን በአብዛኛው የማቀርበው በዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ ጊዜ በጭን አጥንት ቦይ ውስጥ በሚገባው ዘንግ ላይ ተመሥርቼ ነው። ብረትና አጥንት ጫናን እንዴት እንደሚካፈሉ ከዚህ ዘንግ በተሻለ የሚያሳይ ኢምፕላንት የለምና።

በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ቁጥሮቹን ማየት ይበቃል። አንድ ቁስ ጫና ሲያርፍበት ቅርጹን ላለመለወጥ የሚያሳየው ግትርነት በጊጋፓስካል ይለካል። የጭን አጥንት ጠንካራ ግድግዳ በቁመቱ አቅጣጫ ሲለካ 17 ጊጋፓስካል ገደማ ነው፤ ስፖንጅ መሰሉ የውስጥ አጥንት ግን ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። ለዘንግ በብዛት የሚያገለግለው የቲታኒየም ቅይጥ፣ ማለትም 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም ያለበት፣ 110 ጊጋፓስካል ገደማ ነው። አይዝጌ ብረት 200 አካባቢ፣ ኮባልት ክሮም ደግሞ 220 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ቲታኒየም ከሁለቱ ባልንጀሮቹ ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል የላላ ቢሆንም፣ ከአጥንት ጋር ሲነጻጸር ግን ከስድስት እጥፍ በላይ ግትር ነው።

የተመረጠበት ዋና ምክንያትም ሌላ ነው። ቲታኒየም አየር ወይም ውሃ እንደነካው ጥቂት ናኖሜትር ውፍረት ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፤ ሽፋኑ ቢቧጨር ወዲያው መልሶ ራሱን ይጠግናል፤ በሰውነት ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥም ብረቱ እንዳይበላ ይጠብቀዋል። አጥንት ይህን ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ በጠባሳ አይከልለውም፤ እስከ ጫፉ ድረስ ተጠግቶ ያድግበታል። ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጥንቸል አጥንት ውስጥ የከተተውን የቲታኒየም መመልከቻ መሣሪያ መልሶ ማውጣት ያቃተው አጥንቱ አጥብቆ ይዞት ስለነበረ ነው፤ በ1965 ደግሞ ይህንኑ ባሕርይ ተጠቅሞ ለሰው የጥርስ ተከላ ሠራ። ሌላው ምክንያት ቅይጡ ተደጋጋሚ ጫናን መቻሉ ነው። ሰው ሲራመድ በዳሌው መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነቱ ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል፤ ይህም በእያንዳንዱ እግር በዓመት ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ይደጋገማል። ለዓመታት እንዲህ እየተደበደበ ሳይሰነጠቅ የሚቆይ፣ አጥንትም የሚያድግበት ቁስ ብዙ አይደለም።

አሁን ወደ ጫና ከለላ እንምጣ። አጥንት በሥራው ልክ ራሱን የሚያድስ ሕያው አካል ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ በ1892 እንዳሳየው፣ ጫና የበዛበት አጥንት ይወፍራል፤ ጫና የቀረበት ይሳሳል። በአጥንቱ ውስጥ ተቀብረው የሚኖሩት ሕዋሳት የእያንዳንዱን እርምጃ ጥቃቅን ለውጥ ይሰማሉ፤ ምልክቱ ሲደክም አጥንት አፍራሾቹ ሕዋሳት ከገንቢዎቹ ያይላሉ። ዘንግ በቦዩ ውስጥ ገብቶ ከአጥንቱ ጋር ሲጣበቅ ሁለቱ እንደ ጥንድ በሬ አንድ ቀንበር ይጋራሉ፤ ግትሩ አብዛኛውን ጫና ይወስዳል፤ ሌላው ሥራ ይፈታል፤ ጫና ከለላ የሚባለውም ይኸው ነው። ከዳሌው ኳስ የመጣው ኃይል በዘንጉ ወደ ታች ወርዶ ወደ አጥንቱ የሚገባው በጫፉ አካባቢ ስለሆነ፣ ይበልጥ የሚሳሳው የጭን አጥንት የላይኛው ክፍል፣ በተለይም የውስጠኛው ጎኑ ነው።

ጸሐፊው ያልነኩት ዋናው ጉዳይ የቁሱ ግትርነት ከታሪኩ ግማሽ ብቻ መሆኑ ነው። ሌላው ግማሽ ውፍረት ነው። ዘንግ ለመታጠፍ የሚያሳየው እምቢታ የቁሱ ግትርነት በቅርጹ ሲባዛ የሚገኝ ሲሆን፣ ለክብ ዘንግ ቅርጹ ከዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ጋር ያድጋል፤ ከታች E የቁሱ ግትርነት፣ d ደግሞ የዘንጉ ዲያሜትር ነው።

```
የመታጠፍ ግትርነት = E × π × d⁴ / 64
```

አንድ ጉዳይ በቁጥር እንሥራ። የአጥንቱ የውጭ ዲያሜትር 28 ሚሊሜትር፣ የቦዩ 15 ሚሊሜትር ይሁን፤ ዘንጉም ቦዩን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀ እንደሆነ እንውሰድ። አጥንቱ ቱቦ ስለሆነ የቦዩ d⁴ ከውጭው d⁴ ሲቀነስ፣ በዚህ ስሌት የአጥንቱ የመታጠፍ ግትርነት 471 ኒውተን ሜትር ካሬ ይሆናል። የቲታኒየሙ ዘንግ 273፣ በዚያው መጠን የተሠራው የኮባልት ክሮም ዘንግ 547 ይሆናል። ጫናው በግትርነታቸው ልክ ስለሚከፋፈል፣ ከቲታኒየም ጋር አጥንቱ ከሚያጥፈው ጫና 63 በመቶውን ይሸከማል፤ ከኮባልት ክሮም ጋር ግን 46 በመቶውን ብቻ። የቁሱ ልዩነት ጎልቶ ታይቷል፤ ነገር ግን በሁለቱም አጥንቱ ከለመደው ሥራ በታች ወርዷል።

ቀጥሎ አጥንታቸው ከዕድሜ ጋር የሳሳ አዛውንትን እናስብ። የአጥንቱ የውጭ ዲያሜትር ያው 28 ሆኖ ቦዩ ወደ 18 ሚሊሜትር ሰፍቷል፤ ሐኪሙም ቦዩን ለመሙላት 18 ሚሊሜትር የቲታኒየም ዘንግ መርጧል። ሦስት ሚሊሜትር ብቻ መጨመሩ የዘንጉን ግትርነት ከሁለት እጥፍ በላይ ያሳድገዋል፤ የአጥንቱ ድርሻም ወደ 43 በመቶ ይወርዳል። እኒህ አዛውንት ቲታኒየም ገብቶላቸው እያለ አጥንታቸው ቀጭን ኮባልት ክሮም ከገባለት ጎልማሳ አጥንት የባሰ ከለላ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በእርግጥ እውነተኛው አጥንት ቀጥ ያለ ቱቦ አይደለም፤ ከመታጠፍ በተጨማሪም ይጨመቃል፣ ይጠማዘዛል። የአራተኛ ርቢው ጉልበት ግን በክሊኒክም ታይቷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ቻርልስ ኤንግና ዴኒስ ቦቢን ኮባልት ክሮም ዘንግ የተገጠመላቸውን ሕሙማን ሲመረምሩ፣ ጎልቶ የታየ የአጥንት መሳሳት 13.5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ በሆኑ ዘንጎች ዙሪያ ከቀጫጭኖቹ አምስት እጥፍ ያህል በዝቶ አግኝተውታል።

ንድፍ አውጪዎች ቁሱን ብቻ ይዘው ያልቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ዘንጉን ወደ ታች እያቀጠኑ ይሠሩታል፤ አንዳንዱን ጫፉ ላይ እንደ ሹካ ይሰነጥቁታል፤ አጥንት የሚያድግበትን ሸካራ ሽፋን በላይኛው ክፍል ላይ ብቻ ያደርጉታል። ሽፋኑ እስከ ጫፍ ከወረደ አጥንቱ ታች ስለሚይዘው ኃይሉ ላዩን ዘሎት ያልፋል፤ ላይ ብቻ ሲሆን ግን ኃይሉ ከላይ ጀምሮ ወደ አጥንቱ ይገባል። በቅይጡም በኩል ቢሆን ናዮቢየምና ዚርኮኒየም የገባባቸው አዳዲስ የቲታኒየም ቅይጦች ግትርነታቸው ወደ 80 ጊጋፓስካል ወርዷል። ይህ ጥሩ መሻሻል ነው፤ ነገር ግን የ15 ሚሊሜትሩ ዘንግ ሁለት ሚሊሜትር ቢወፍር ጥቅሙ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።

የፕላስቲኩ ነጥብ ይበልጥ አሳሳች ነው፤ ምክንያቱም በወረቀት ላይ ሲሠራ ትክክል ይመስላል። ፒክ የተባለው ፖሊመር ግትርነቱ 3.6 ጊጋፓስካል ገደማ ስለሆነ፣ ከላይ ባለው ስሌት 15 ሚሊሜትር የፒክ ዘንግ የገባበት አጥንት 98 በመቶውን ጫና ይሸከማል። ከለላው ጠፋ ማለት ይቻላል። ታዲያ ለምን አልተደረገም? ተሞክሮ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው ሮበርት ማቲስ በ1970ዎቹ፣ በፒክ ሳይሆን በብረት እምብርት ላይ በለበሰ ፖሊአሲታል፣ ግትርነቱ ከአጥንት ጋር እንዲቀራረብ የታሰበ ዘንግ አወጣ። ሐሳቡ አጥንትን ከመሳሳት ማዳን ነበር፤ ብዙዎቹ ዘንጎች ግን ተላቀቁ።

የተላቀቁበት መንገድ ግልጽ ነው። ግትር ዘንግ ከላይ የተቀበለውን ኃይል ሳይታጠፍ ወደ ታች ያደርሳል። ለስላሳ ዘንግ ግን ከላይ ሲጫኑት እዚያው ይታጠፋል፤ ኃይሉም ከላይኛው ጫፍ ሳይርቅ በዘንጉና በአጥንቱ መካከል ባለው ድንበር ላይ ይከማቻል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ዘንጉ በአጥንቱ ላይ ይንሸራተታል። አጥንት ወደ ሸካራው ገጽ ሊያድግ የሚችለው ይህ መንሸራተት ከ40 ማይክሮሜትር ገደማ በታች ሲሆን ነው፤ 150 ማይክሮሜትር ሲያልፍ በአጥንት ፋንታ ጅማት መሰል ለስላሳ ሥጋ ይበቅላል፤ እንዲህ ያለው ሥጋም ዘንጉን አጽንቶ አይዝም። ሆላንዳዊው የባዮሜካኒክስ ሊቅ ሪክ ሃውስከስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኮምፒዩተር ስሌት እንዳሳየው፣ የዘንጉ ግትርነት ሲቀንስ አጥንቱ ከመሳሳት ይድናል፤ ነገር ግን የድንበሩ ጫና ይጨምራል። አንዱን ለማዳን ሌላውን መክፈል ግድ ነው፤ ቲታኒየም የሚያገለግለውም በሁለቱ መካከል ስለሚቆም ነው።

ለስላሳ ዘንግ ፈጽሞ አይሠራም ለማለት ግን አልደፍርም። በኋላ የመጣ አንድ ንድፍ ቀጭን የኮባልት ክሮም እምብርት ላይ የፒክ ዘመድ የሆነ ፖሊመር አልብሶ፣ ከውጭ ደግሞ አጥንት የሚያድግበት የቲታኒየም መረብ አድርጎ ነበር። ዘንጉ ጸንቶ ተይዟል፤ የአጥንቱም መሳሳት ቀንሷል። ከማቲስ ዘንግ የሚለየው አጥንት የሚወደውን ገጽ ይዞ መምጣቱና ቦዩን አጥብቆ ሞልቶ ከመጀመሪያው ቀን እንዳይንሸራተት መደረጉ ነው። ልብ ይባል፤ እዚህም አጥንት የነካው ቲታኒየም ነው። ባዶ ፒክ ውሃን የሚሸሽ ገጽ አለው፤ አጥንት አጠገቡ ቢደርስም ብዙ ጊዜ በቀጭን የጅማት ሽፋን ይለየዋል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል የሚገቡት የፒክ ኬጆች ብዙዎቹ ዛሬ ቲታኒየም የሚረጭባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ኬጁ ራሱ እዚያ ጥሩ ቦታ አግኝቷል፤ ምክንያቱም ኤክስሬይ ስለሚያልፈው ሐኪሙ በውስጡ አጥንቱ መግጠም አለመግጠሙን ያያል፤ በጠንካራ ብረት ተጋርዶ አይቀርበትም።

ፖሊመር በዳሌ ውስጥ ትክክለኛ ወንበሩን ያገኘው በዘንግነት ሳይሆን በመንሸራተቻነት ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ በ1950ዎቹ መጨረሻ ኳሱ የሚዞርበትን ጎድጓዳ ክፍል በቴፍሎን ሠርቶ ነበር፤ ቴፍሎኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየተበላ ፍርፋሪው በዙሪያው ያለውን ሥጋ አስቆጣ። በ1962 ረዳቱ ሃሪ ክሬቨን እጅግ ረጅም ሰንሰለት ያለው ፖሊኢትሊን የተባለ ቁራጭ አገኘ። ቻርንሊ ቁሱን ንቆ ትቶት ነበር፤ ክሬቨን ግን በፍተሻ ማሽኑ ላይ ጫነው፤ ሦስት ሳምንት ሌት ተቀን ሲፈተግ የተበላው ቴፍሎን በአንድ ቀን ከሚበላው ያንስ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ በሰው ላይ ዋለ፤ በተሻሻለ መልኩ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ቲታኒየም ደግሞ በዚህ ቦታ ደካማ ነው፤ ኳስ ሆኖ ሲፈተግ ይፋቃል፤ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ያጠቁራል። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ዳሌ ውስጥ የቲታኒየም ዘንግ፣ የሴራሚክ ወይም የኮባልት ክሮም ኳስ፣ የፖሊኢትሊን ጎድጓዳ ክፍል አንድ ላይ ቢገኙ ሊያስገርም አይገባም።

ሦስተኛው ነጥብ ሕመምተኛን በከንቱ ሊያስደነግጥ ስለሚችል ዘርዘር ማድረግ ያስፈልጋል። ዘንጉ በአጥንት ተይዞ በጫና ከለላ የሳሳ አጥንት የራሱ መልክ አለው። ከዓመት በኋላ በተነሣ ኤክስሬይ ላይ የጭን አጥንቱ የላይኛው የውስጥ ጠርዝ ሹልነቱን ትቶ ክብ ይሆናል፤ ግድግዳው ከላይ ይቀጥናል፤ መልኩም በአንድነት ይደበዝዛል። ዝቅ ሲል ደግሞ ሸካራው ሽፋን የሚያበቃበት ቦታ ላይ አጥንቱ ወፍሮ ወደ ዘንጉ ሲጣበቅ ይታያል። ከላይ የሳሳው ከታች ጠንክሮ ስለተያዘ ነው፤ ስለዚህ ይህ መልክ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ዘንጉ ጸንቶ መያዙን ነው፤ ጸሐፊው ከጻፉት ጋር ፍጹም ይቃረናል። አብዛኛው ለውጥ በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ዓመታት ውስጥ ይከሰትና ይረጋጋል፤ ብዙውን ጊዜም አያምም።

የተላቀቀ ዘንግ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በዘንጉና በአጥንቱ መካከል እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ይታያል፤ ካለፈው ዓመት ምስል ጋር ሲነጻጸር ዘንጉ ወደ ታች ሰምጧል ወይም ዘሟል፤ ሰውየውም ከወንበር ተነሥቶ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ሲራመድ ጭኑን ያመዋል። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ከፖሊኢትሊኑ የተፋቀው ደቃቅ ፍርፋሪ ወደ አጥንቱ ሲገባ፣ ፍርፋሪውን የሚውጡት ሕዋሳት ተቆጥተው አጥንት ያስበላሉ። ይህ ጠርዙ የተለየ፣ ዋሻ መሰል ጉድጓድ ሆኖ ይታያል፤ እንደ ከለላው አጥንቱን በአንድነት አያደበዝዝም፤ ዓመታት በጨመሩ ቁጥርም ሊሰፋ ይችላል። በአንድ ምስል ብቻ ሦስቱን መለየት አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ ከቀዶ ሕክምናው ማግስት የተነሣውን ኤክስሬይ ጠብቆ ማቆየት ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው።

ከለላው ዋጋ የለውም ለማለት ግን አይደለም። የሳሳ የላይኛ አጥንት ሰው ሲወድቅ በዘንጉ ዙሪያ ሊሰበር ይችላል፤ ዘንጉ ከዓመታት በኋላ መቀየር ካስፈለገም አዲሱን የሚይዝ በቂ አጥንት ላይገኝ ይችላል፤ ጸንቶ የተያዘውን ዘንግ ለማውጣትም አጥንቱን መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል። ለዚህ ነው ወጣት ሕመምተኛ ላይ የዘንጉ ምርጫ ይበልጥ የሚያሳስበው።

በመጨረሻው ነጥብ ላይ ረጅም ክርክር አያስፈልግም። ጸሐፊው ሳይለዩ የተዉት፣ ለዕድሜ ልክ የሚገባውንና ስብራት እስኪጠገን ድረስ የሚያገለግለውን ነው። በኢትዮጵያም ጨምሮ በብዙ አገሮች ለጭንና ለቅልጥም ስብራት የሚገባው ሳይን የሚባለው ዘንግ ከአይዝጌ ብረት የተሠራ ሲሆን፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ኤክስሬይ ማሽን ሳይኖር በውጭ መሪ ተመርቶ ብሎኖቹ እንዲገቡ የታሰበ ነው። የተሰበረ አጥንት መጀመሪያ ላይ ድጋፍ ይፈልጋል፤ እየገጠመ ሲሄድ ጫናውን ከዘንጉ መልሶ ይረከባል። ኒኬል የሚያስቆጣው ሰው፣ ብረቱ የሚያመው ወይም ቁስሉ ያመረቀዘ ሰው ማስወጣቱ ተገቢ ነው፤ ሌላው ግን ብረቱ አይዝጌ ስለሆነ ብቻ ወደ ቀዶ ሕክምና አልጋ የሚመለስበት ምክንያት የለም።

በአጥንት ላይ በብሎን የሚታሠረው ጠፍጣፋ ብረት ትንሽ ይለያል። ከሥሩ ያለው አጥንት መሳሳቱ እውነት ነው፤ ሆኖም መጀመሪያ ላይ የሚታየው መሳሳት ከጫና ከለላ ይልቅ ብረቱ የአጥንቱን ቆዳ ተጭኖ የደም ሥሮቹን በማፈኑ መሆኑን የስዊዘርላንዱ ስቴፋን ፔረን አሳይቷል፤ ከሥራቸው የተቦረቦሩ፣ አጥንቱን በጥቂት ቦታ ብቻ የሚነኩ ብረቶች የተሠሩትም ከዚያ በኋላ ነው። ቁሱን ወደ ቲታኒየም መቀየር ብቻውን ይህን አይፈታም፤ እንዲያውም ቲታኒየም በሚወጣበት ጊዜ አጥንት ስለሚያድግበትና ብሎኖቹ ከብረቱ ጋር ስለሚጣበቁ፣ የብሎኑ ራስ ተልጦ መሰርሰር የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ከወጣም በኋላ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች እስኪደፈኑ ድረስ አጥንቱ በእነርሱ በኩል ሊሰበር ስለሚችል፣ ሐኪሞች ለተወሰኑ ወራት ከሩጫ፣ ከኳስና ከከባድ ሸክም መራቅን ያዛሉ።